የሁለት ዓመት ሒሳብ በሬሾ ሲነበብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች የኦዲት ሪፖርት እጃቸው ከገባ ሰዎች የሚመጡ ናቸው። የድርጅት ባለቤቶች ይጠይቋቸዋል፤ ጀማሪ አካውንታንቶችም፣ የባንክ ብድር ፋይል የሚያዘጋጁም። መልሶቹ እንዳይበታተኑ ሁሉንም በአንድ ምሳሌ ላይ እንሠራቸዋለን። ድርጅቱ አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ አስመጥቶ በጅምላ የሚያከፋፍል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው እንበል። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተዘጋጁ ናቸው።

ከየትኛው ቁጥር ነው የምንነሳው?

ከሁለት ሪፖርቶች፦ ከሀብትና ዕዳ መግለጫው እና ከትርፍና ኪሳራ መግለጫው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል። ስለዚህ 2017 ስንል ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ያለውን ጊዜ ነው። ቁጥሮቹ በሚሊዮን ብር ናቸው።

| | 2016 | 2017 |
|---|---|---|
| ጥሬ ገንዘብና ባንክ | 8 | 4 |
| ተሰብሳቢ ሂሳብ | 20 | 42 |
| ክምችት ዕቃ | 30 | 56 |
| ቅድመ ክፍያ | 2 | 3 |
| ቋሚ ንብረት | 40 | 45 |
| ጠቅላላ ሀብት | 100 | 150 |
| ለአቅራቢዎች የሚከፈል | 18 | 30 |
| ኦቨርድራፍት | 16 | 36 |
| ግብርና ሌሎች ተከፋዮች | 6 | 10 |
| የረጅም ጊዜ ብድር | 20 | 30 |
| የባለቤቶች ድርሻ | 40 | 44 |
| ሽያጭ | 120 | 168 |
| የተሸጡ ዕቃዎች ዋጋ | 90 | 118 |
| የሥራ ማስኬጃ ወጪ | 15 | 22 |
| ወለድ | 5 | 10 |
| የትርፍ ግብር (30 በመቶ) | 3 | 5.4 |
| የተጣራ ትርፍ | 7 | 12.6 |

ባለቤቱ ይህን ሲያይ ደስ ይለዋል። ሽያጭ በ40 በመቶ አድጓል፤ ትርፉ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እስቲ ቀስ ብለን እንየው።

ከረንት ሬሾው ከ1 በላይ ከሆነ ችግር የለም ማለት ነው?

አይደለም። ከረንት ሬሾ ማለት በአንድ ዓመት ውስጥ ገንዘብ ይሆናል የሚባለውን ሀብት በአንድ ዓመት ውስጥ ለሚከፈለው ዕዳ ማካፈል ነው። በ2016 ሀብቱ 60 ሚሊዮን፣ ዕዳው 40 ሚሊዮን ነበር፤ 1.5 ይወጣል። በ2017 ደግሞ 105 ለ76፣ ማለትም 1.38 ነው። ለወረቀት ያህል ሁለቱም ደህና ይመስላሉ።

ነገሩ ያለው ከውስጡ ነው። ክምችቱንና ቅድመ ክፍያውን አውጥተን ጥሬ ገንዘብና ተሰብሳቢ ብቻ ብንይዝ ኩዊክ ሬሾ እናገኛለን። እሱ ከ0.70 ወደ 0.61 ወርዷል። ጥሬ ገንዘቡን ብቻ ብናይ ደግሞ በ2016 ለአንድ ብር የአጭር ጊዜ ዕዳ 20 ሳንቲም ነበረ። አሁን 5 ሳንቲም ነው ያለው። የትርፍ ግብሩ እስከ ጥቅምት 30 መከፈል አለበት። ባንክ ውስጥ ያለው 4 ሚሊዮን ግብሩን እንኳ አይሸፍንም። ትርፋማ ነው የተባለ ድርጅት የትርፉን ግብር ለመክፈል ሊበደር ነው ማለት ነው።

ታዲያ ገንዘቡ የት ሄደ?

ባለቤቶች አብዝተው የሚጠይቁት ይህን ነው፤ ጥያቄውም ትክክል ነው። መልሱ የሁለቱን ዓመት ሂሳብ ጎን ለጎን አስቀምጦ በመቀነስ ይገኛል።

የባንክ ብድር በ30 ሚሊዮን ጨምሯል፦ ኦቨርድራፍቱ በ20፣ የረጅም ጊዜው በ10። ጥሬ ገንዘቡም በ4 ሚሊዮን ቀንሷል። የዓመቱ 12.6 ሚሊዮን ትርፍ ሲታከልበት በጠቅላላው 46.6 ሚሊዮን ብር አንድ ቦታ ገብቷል። 5 ሚሊዮኑ ቋሚ ንብረት ላይ ነው (እርጅናው ከተቀነሰ በኋላ)። 8.6 ሚሊዮኑን ባለቤቶቹ በትርፍ ክፍፍል ወስደዋል። ይህን ለማወቅ ቀላል ነው፦ 40 ላይ 12.6 ትርፍ ብንጨምር 52.6 መሆን ነበረበት፤ መዝገቡ ግን 44 ይላል። ቀሪው 33 ሚሊዮን፣ ለአቅራቢዎችና ለሌሎች ተከፋዮች ያለው ዕዳ ጭማሪ ተቀናንሶ፣ በአብዛኛው የገባው መጋዘን ውስጥና ደንበኞች እጅ ላይ ነው።

ይህን በቀናት ብንለካው የበለጠ ይገባናል። ክምችቱን ለተሸጠው ዕቃ ዋጋ አካፍለን በ365 ብናባዛ፣ ዕቃው መጋዘን የሚቆይበት ጊዜ ከ122 ቀን ወደ 173 ቀን ሄዷል። ተሰብሳቢውን ለሽያጩ ብናካፍል ደግሞ ደንበኛ የሚከፍልበት ጊዜ ከ61 ወደ 91 ቀን ረዝሟል። ሽያጩ 40 በመቶ ሲያድግ ተሰብሳቢው 110 በመቶ አድጓል። ይህ ማለት የሽያጩ ዕድገት ጥሩ ክፍል በዱቤ የተገዛ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚያልፋት አንዲት ነገር አለች። ተሰብሳቢው 15 በመቶ ቫት ይዟል፤ ሽያጩ ግን ያለ ቫት ነው የተመዘገበው። ሁሉም ደንበኛ ቫት የሚከፈልበትን ዕቃ ከገዛ 42ቱን ለ1.15 ማካፈል ያስፈልጋል። ያኔ 91 ቀን የነበረው 79 ይሆናል፤ የ2016ቱም 61 ወደ 53 ይወርዳል። አቅጣጫው አልተለወጠም። ግን ደንበኞቼ በ90 ቀን ነው የሚከፍሉኝ ብሎ ለባንክ የሚጽፍ ሰው ራሱን ሳያስፈልግ ያሳማል።

ኦቨርድራፍት የአጭር ጊዜ ነው ወይስ የረጅም ጊዜ ዕዳ?

የአጭር ጊዜ። በየዓመቱ ይታደስልናል የሚለው ክርክር አይሠራም። ባንኩ አላድስም የማለት መብት እስካለው ድረስ ዕዳው በአጭር ጊዜ ዕዳ ሥር ይቀመጣል።

የባሰው ስህተት ግን ሌላ ነው። ከረጅም ጊዜ ብድሩ ውስጥ በሚቀጥሉት 12 ወራት የሚከፈለው ክፍል ወደ አጭር ጊዜ መዛወር አለበት። በእኛ ምሳሌ ከ30 ሚሊዮኑ ውስጥ 6 ሚሊዮኑ፣ ከ2016ቱ 20 ሚሊዮን ውስጥ ደግሞ 4 ሚሊዮኑ በዓመት ውስጥ የሚከፈል ነው እንበል፤ አካውንታንቱ ግን ረስቶታል። ስናስተካክለው የ2016 ከረንት ሬሾ ከ1.5 ወደ 1.36፣ የ2017ቱ ከ1.38 ወደ 1.28 ይወርዳል። ሁለቱንም ዓመት ማስተካከል ግድ ነው። አንዱን ብቻ አስተካክሎ ማነጻጸር ያላነጻጸሩትን ያህል ነው። ከዚህ በታች ለቀላልነት በሰንጠረዡ ቁጥሮች እንቀጥላለን።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ቁጥሩ ሊያምር አይችልም?

በደንብ ይችላል። ሬሾው የአንድ ቀን ፎቶ ነው፤ ለፎቶ ደግሞ ሰው ይዘጋጃል። ድርጅቱ ሰኔ 28 ላይ ከደንበኞች 10 ሚሊዮን አሰባስቦ ኦቨርድራፍቱ ላይ ቢያስገባ ሀብቱ 95፣ ዕዳው 66 ይሆናል። ከረንት ሬሾው ከ1.38 ወደ 1.44 ዘለለ። ሐምሌ 3 ላይ ገንዘቡን መልሶ ያወጣዋል። ሕገወጥ ነገር የለበትም፤ ግን እውነተኛውን ሁኔታ አያሳይም።

የሚያጋልጠው ወለዱ ነው። የባንክ ዕዳው በዓመቱ መጀመሪያ 36፣ መጨረሻ ላይ 66 ሚሊዮን ነበር፤ አማካዩ 51 ነው። የተከፈለው ወለድ 10 ሚሊዮን ስለሆነ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። የብድር ውሉ ላይ ያለው ወለድ 17 በመቶ ከሆነ ድርጅቱ በዓመቱ ውስጥ በአማካይ የተሸከመው ዕዳ 59 ሚሊዮን አካባቢ ነበር ማለት ነው። መዝገቡ ከሚያሳየው አማካይ ይበልጣል። ያኔ የ12 ወር የባንክ ስቴትመንት ማስመጣት ነው።

ሌቨሬጅን፣ ማለትም በብድር መሥራትን፣ በየትኛው ሬሾ ልለካው?

ሁለት ይበቃሉ። አንዱ ዕዳው ምን ያህል እንደከበደ ይነግራል፤ ሌላው ድርጅቱ ዕዳውን መሸከም መቻሉን።

ጠቅላላ ዕዳውን ለባለቤቶች ድርሻ ብናካፍል በ2016 ከ60 ለ40፣ ማለትም 1.5 ነበር። አሁን ከ106 ለ44፣ ማለትም 2.41 ሆኗል። ባለቤቶቹ ለእያንዳንዱ አንድ ብራቸው የሌላ ሰው 2 ብር ከ41 ሳንቲም እያንቀሳቀሱ ነው።

የወለድ ሽፋን ደግሞ ከወለድና ከግብር በፊት ያለውን ትርፍ ለወለዱ ማካፈል ነው። በ2016 ትርፉ 15፣ ወለዱ 5 ነበር፤ 3 እጥፍ። በ2017 28 ለ10፤ 2.8 እጥፍ። ይኼ ብዙም አልተነካም ትላላችሁ። ቆይ፣ እንመለስበታለን።

ባለቤቱ ለድርጅቱ ያበደረው ገንዘብ ዕዳ ነው ወይስ ካፒታል?

በቤተሰብ ድርጅቶች ዘወትር የሚያጋጥም ነው። በመዝገብ ዕዳ ነው። ለትንተና ግን ውሉን ማየት ያስፈልጋል። ባለቤቱ የባንኩ ዕዳ ሳያልቅ አልጠይቅም ብሎ በጽሑፍ ከፈረመ ወደ ካፒታል አስጠግቶ ማንበብ ያስኬዳል። ፊርማ ከሌለ በፈለገ ቀን ሊያወጣው የሚችለው ዕዳ ነው። በየትኛው መንገድ እንደያዛችሁት በትንተናው ላይ ጻፉት፤ በሁለቱም ዓመት አንድ ዓይነት ይሁን።

የካፒታል ተመላሹ ከ17.5 ወደ 28.6 በመቶ ጨምሯል። ይህ ጥሩ ዜና አይደለም?

የመጣበትን ሳናይ መናገር አንችልም። የተጣራ ትርፉን ለባለቤቶች ድርሻ ስናካፍል እውነትም 7 ለ40 17.5 በመቶ፣ 12.6 ለ44 ደግሞ 28.6 በመቶ ነው። ይህ ቁጥር ግን የሦስት ነገሮች ብዜት ነው፦ ከሽያጩ ስንት በመቶ ትርፍ ቀረ፣ አንድ ብር ሀብት ስንት ብር ሽያጭ አመጣ፣ ሀብቱ ከባለቤቶቹ ድርሻ ስንት እጥፍ ነው።

በ2016 ከሽያጩ 5.8 በመቶ ቀርቷል፤ አንድ ብር ሀብት 1 ብር ከ20 አመጣ፤ ሀብቱ የካፒታሉ 2.5 እጥፍ ነበር። በ2017 7.5 በመቶ ቀረ፤ አንድ ብር ሀብት ያመጣው ወደ 1 ብር ከ12 ወረደ፤ እጥፉ ግን 3.41 ደረሰ።

አሁን እጥፉ እዚያው 2.5 ላይ ቢቆይ ኖሮ ብለን እናስላ። ከጠቅላላ ሀብት የተገኘው ትርፍ 8.4 በመቶ ነው፤ በ2.5 ሲባዛ 21 በመቶ። ስለዚህ ከ11.1 ነጥብ ጭማሪው ውስጥ 3.5 ነጥቡ ብቻ ከሥራው የመጣ ነው። የቀረው 7.6 ነጥብ ብድር የፈጠረው ነው። ያንኑ 3.5 ነጥብም ገና አልመረመርነውም።

የምንዛሬ ለውጡ ትርፉ ላይ ምን አደረገ?

የዚህ ንጽጽር ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን የፈቀደው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። በይፋዊው ተመን 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ቀኑን ልብ በሉ፦ የ2016 ሒሳብ ከተዘጋ ሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ስለዚህ ሰኔ 30 ላይ መጋዘን የነበረው 30 ሚሊዮን ብር ዕቃ በሙሉ በድሮው ዋጋ ተመዝግቦ ወደ 2017 ተሻገረ። የተሸጠው ግን በአዲሱ ዋጋ ነው።

ዕቃው ሲያልቅ ያንኑ መልሶ ለማምጣት 42 ሚሊዮን ብር አስፈለገ እንበል። ሁሉም ነጋዴ ላይ ጭማሪው እኩል አይደለም፤ ድሮም በትይዩ ገበያው ዋጋ ሲያሰላ የነበረ ሰው ያን ያህል ላይሰማው ይችላል። በእኛ ምሳሌ ግን ልዩነቱ 12 ሚሊዮን ነው። ይህ 12 ሚሊዮን በመዝገቡ ትርፍ ተብሏል። በተግባር ግን መጋዘኑን እንደነበረ ለመሙላት የሚያስፈልግ ገንዘብ ነው። በሚቀጥለው ዓመትም አይደገምም።

እሱን አውጥተን እንይ። ከሽያጭ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ ሲቀነስ የሚቀረው ትርፍ ከ50 ወደ 38 ይወርዳል። ከሽያጩ ያለው ድርሻም 29.8 በመቶ የነበረው 22.6 በመቶ ይሆናል፤ በ2016 25 በመቶ ነበር። ማለትም መዝገቡ ጨመረ ያለው ህዳግ በእውነቱ ጠብቧል። ማስኬጃውን 22 ስንቀንስ 16 ይቀራል፤ ወለዱን 10 ስንቀንስ 6። ግብሩ ግን በመዝገቡ ትርፍ ላይ ስለሆነ 5.4 ነው። የቀረው 600 ሺህ ብር ነው። ባለቤቶቹ የተከፋፈሉት ደግሞ 8.6 ሚሊዮን።

እንመለስበታለን ያልነው የወለድ ሽፋን እዚህ ይመጣል። 16 ለ10፤ 1.6 እጥፍ። 2.8 የሚለው ቁጥር የአንድ ጊዜ ገቢ ያበጠው ነበር።

ይህን ስሌት ከኦዲት ሪፖርቱ ብቻ ማግኘት አይቻልም። የስቶክ ካርዱን ወይም የአስመጪነት ፋይሉን ይዞ በሐምሌና በጥር የገባውን አንድ ዓይነት ዕቃ የብር ዋጋ ማነጻጸር ይጠይቃል። ብዙ የተሸጡትን አምስት ወይም ስድስት ዕቃዎች ብቻ ብትወስዱ ይበቃል። ድርጅቱ የዶላር ዕዳ ካለበት ደግሞ የምንዛሬ ኪሳራው የት እንደተመዘገበ ለየብቻ መታየት አለበት፤ ምሳሌያችን ዶላር ዕዳ የለበትም።

የጽሑፍ ትርጓሜው ምን ያህል ይርዘም? ምንስ ይመስላል?

ግማሽ ገጽ። ሬሾዎቹ በሰንጠረዥ ስላሉ በጽሑፍ አይደገሙም። ከረንት ሬሾው ከ1.5 ወደ 1.38 ቀንሷል ብሎ ማቆም ትርጓሜ አይደለም፤ ለምን እንደቀነሰና ምን እንደሚያስከትል ነው የሚጻፈው። ለዚህ ድርጅት እንዲህ ይጻፋል፦

> ድርጅቱ በ2017 ሽያጩን በ40 በመቶ ቢያሳድግም የአጭር ጊዜ ዕዳውን የመክፈል አቅሙ ተዳክሟል። ጥሬ ገንዘብ በግማሽ ቀንሶ 4 ሚሊዮን ብር ደርሷል፤ ይህም ጥቅምት ላይ የሚከፈለውን የትርፍ ግብር አይሸፍንም። ዋናው ምክንያት ክምችቱ የሚቆይበት ጊዜ ከ122 ወደ 173 ቀን፣ ተሰብሳቢው ከ61 ወደ 91 ቀን (ቫትን ጨምሮ) መርዘሙ ነው።
>
> ዕድገቱ የተሸፈነው በባንክ ብድር ነው። ዕዳው ከባለቤቶች ድርሻ 1.5 እጥፍ የነበረው 2.41 እጥፍ ሆኗል። የካፒታል ተመላሹ ወደ 28.6 በመቶ ቢያድግም ከጭማሪው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከብድሩ የመነጨ ነው።
>
> ከትርፉ ውስጥ 12 ሚሊዮን ብር የሚገመተው በድሮ የምንዛሬ ዋጋ ከገባ ዕቃ የተገኘ ሲሆን የሚደገም አይደለም። ይህ ሲወጣ ህዳጉ ከ2016 ያነሰ ነው፤ የወለድ ሽፋኑም 1.6 እጥፍ ብቻ ነው። የ8.6 ሚሊዮኑ የትርፍ ክፍፍል ከሚደገመው ትርፍ በላይ የተከፈለ ነው። ተሰብሳቢው ወደ 60 ቀን ቢመለስ ወደ 14 ሚሊዮን ብር ይለቀቃል፤ ኦቨርድራፍቱን ለመቀነስ ቅርቡ መንገድ ይህ ነው።

የመጨረሻዋን 14 ሚሊዮን ላስረዳ። 168 ሚሊዮን ሽያጭ በ60 ቀን ዱቤ 27.6 ሚሊዮን ተሰብሳቢ ነው የሚፈልገው። አሁን ያለው 42 ነው። ልዩነቱ 14.4።

ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ማነጻጸርስ?

ማግኘት ከቻላችሁ መልካም። ግን የአብዛኛው የግል ድርጅት ሪፖርት በአደባባይ አይገኝም። ከውጭ መጽሐፍ የተቀዳውን ከረንት ሬሾ 2 መሆን አለበት የሚለውን መለኪያ ግን ተዉት። ዕቃው በሁለት ሳምንት የሚያልቅ የሸቀጥ ሱቅ በ1.1 በሰላም ይኖራል። ዕቃው ስድስት ወር መጋዘን የሚቀመጥ አስመጪ ደግሞ በ1.4ም ሊታነቅ ይችላል።

ሁለት ዓመት በቂ ነው?

አቅጣጫ ለማየት አይበቃም፤ ምን እንደተለወጠ ለመጠየቅ ግን ይበቃል። በተለይ 2017ን ከ2016 ጋር ስታነጻጽሩ አንዱ ዓመት ከምንዛሬ ለውጡ በፊት፣ ሌላው በኋላ ነው። የ2018 ሒሳብ ሲዘጋ በሁለቱም በኩል አዲሱ ዋጋ የተመዘገበበት የመጀመሪያው ንጽጽር ይገኛል። እስከዚያ ድረስ የ12 ሚሊዮኑን ማስተካከያ ከፋይሉ ጋር አያይዛችሁ አስቀምጡት፤ የ2018 ትርፍ ለምን ወደቀ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ እሱ ነው።